ቴሌቪዥናችን መብራት የሚበላው የት ላይ ነው?

(በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ለጥገና ሰው ቤት ስገባ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ቴሌቪዥኑ በሪሞት ይጠፋል። ታች በኩል ያቺ ቀይ መብራት ትበራለች። የቤቱ ሰው ተነስተው የቴሌቪዥኑን ሶኬት ይነቅላሉ፤ «መብራት እየበላ እንዳያድር» ይላሉ። አጠገቡ ያለው ሪሲቨር ግን እንደበራ ያድራል። ስታብላይዘሩም እዝዝ እያለ ያድራል። ቴሌቪዥኑ ራሱ ቀን ላይ ሲታይ ደግሞ ስክሪኑ ሱቅ ውስጥ እንደነበረው ዓይን እስኪወጋ ደምቋል።

ይህን የምጠቅሰው ሰው ለመንቀፍ አይደለም። የቀይዋ መብራት ስጋት የመጣው ከድሮዎቹ፣ ከኋላ ትልቅ ሆድ ከነበራቸው ቴሌቪዥኖች ነው። እነሱ በሪሞት ጠፍተውም ብዙ ዋት ይወስዱ ነበር። የዛሬዎቹ ሌላ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለምሳሌ ስታንድባይ ላይ ያለ፣ ማለትም በሪሞት ብቻ የጠፋ፣ ቴሌቪዥን ከ0.5 ዋት እንዳይበልጥ ያዛል፤ ኢንተርኔት ወይም ዋይፋይ ላይ ተገናኝቶ የሚጠብቅ ከሆነ 2 ዋት ይፈቅዳል። ለብዙ አገር ገበያ የሚሠሩ አዳዲስ ቴሌቪዥኖችም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አካባቢ ናቸው። ግማሽ ዋት ማለት በቀን 18 ሰዓት ቢቆይ በወር ወደ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላል።

ታዲያ መብራቱ የሚሄደው የት ነው? እኔ ብነግራችሁ ከምታምኑኝ ይልቅ ራሳችሁ ብትለኩት ይሻላል። መለኪያው ደግሞ ደረጃው ሥር ተሰቅሎላችኋል።

ቆጣሪያችሁን በደንብ እዩት። ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ አንድ ቁጥርና imp/kWh የሚል ጽሑፍ አለ። ቁጥሩ ከቆጣሪ ቆጣሪ ይለያያል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። 1600 ከተባለ መብራቷ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ካወቃችሁ፣ ቤታችሁ በዚያ ሰዓት ስንት ዋት እየወሰደ እንደሆነ ታወቀ። ሒሳቡ ይህ ነው፦

```
ዋት = በ10 ደቂቃ የታየ ብልጭታ × 6000 ÷ imp
```

ቆጣሪያችሁ 1600 ከሆነ እያንዳንዱ ብልጭታ 3.75 ዋት ነው ብላችሁ ያዙት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ፍሪጁን ከሶኬት አውጡት፤ ምክንያቱም በየመሃሉ እየተነሳ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ምጣዱ፣ ምድጃው፣ የውሃ ማሞቂያው ይጥፋ። የስልክ ቻርጀሮችንም ንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ይቆይ። አምፖሉ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ቆጣሪ በጣም ትንሽ ጭነት ብቻውን ሲመጣበት ጨርሶ ላይቆጥረው ይችላል። አምፖሉ ቆጣሪውን ያነቃዋል፤ በኋላ የአምፖሉን ብልጭታ እንቀንሰዋለን። ከዚያ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ቆጣሪው ፊት አቁሙት። አሥር ደቂቃ ይቅዳ። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ቪዲዮውን እያያችሁ ትቆጥራላችሁ። ደረጃው ሥር የተደረደሩት ብዙ ስለሆኑ የራሳችሁ ቆጣሪ መሆኑን በቁጥሩ አረጋግጡ። ክዳኑንና ማኅተሙን ግን ማንም እንዳይነካ፤ ለዚህ ሥራ ከውጭ ማየት ይበቃል።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 43 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን፣ አንድ የዲሽ ሪሲቨርና አንድ ስታብላይዘር ያለው ቤት እናስብ። ቆጣሪው 1600 ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ ባለ ቤት ልታገኙት ከምትችሉት ብዙ አይርቁም።

አምፖሉ ብቻውን ሲበራ 4 ብልጭታ። ሁሉም በርቶ ቴሌቪዥኑ በደማቁ ምስል ሲሠራ 33። አራቱን ስንቀንስ 29 ይቀራል፤ ወደ 109 ዋት ነው። አሁን ቴሌቪዥኑን በሪሞት እናጥፋው። 9 ብልጭታ እናያለን፤ አራቱን ቀንሱ፣ 5 ይቀራል። ወደ 19 ዋት ማለት ነው። ሳሎኑ ጨልሟል፤ «ጠፍቷል» ብለን ወደ መኝታ ሄደናል፤ ግን 19 ዋት ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ሪሲቨሩን ስንነቅል 6 ይሆናል። ስለዚህ ሪሲቨሩ ብቻውን 11 ዋት ገደማ ነበር። ስታብላይዘሩን ስናጠፋ ወደ 4 ይመለሳል፤ እሱ ደግሞ ወደ 7.5 ዋት ነበር ማለት ነው። የቴሌቪዥኑ ቀይ መብራት ከነመኖሯም አትታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በአሥር ደቂቃ መለኪያ አንድ ብልጭታ መሳት ማለት ወደ 4 ዋት መሳት ነው። ለቴሌቪዥኑ ችግር የለውም። እንደ ሪሲቨር ላለ ትንሽ ነገር ግን ሠላሳ ደቂቃ ቁጠሩና ለሦስት አካፍሉት። ቁጥሩ ያኔ ይታመናል።

ወደ ወር እንለውጠው። ቤተሰቡ በቀን ስድስት ሰዓት ቴሌቪዥን ያያል እንበል። ሲታይ፣ 109 ዋት በስድስት ሰዓት በ30 ቀን፣ ወደ 19.6 ኪሎዋት ሰዓት። «ጠፍቶ» በሚቆይባቸው 18 ሰዓታት ደግሞ 19 ዋቱ በወር ወደ 10.3 ይደርሳል። በድምሩ 30 ገደማ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ 30ውን ሳሎኑ ብቻውን ወሰደው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው እየተስተካከለ ስለሆነ ይህ ልዩነት ካርድ ስትሞሉ በደንብ ይሰማችኋል።

ከትልቁ እንጀምር፤ ከስክሪኑ።

ኤልሲዲ ወይም ኤልኢዲ በምንለው ቴሌቪዥን ውስጥ ከስክሪኑ ጀርባ የአምፖል መደዳ አለ። የጀርባ ብርሃን እንበለው። ምስሉ ጥቁር ቢሆንም ነጭ ቢሆንም እሱ ይበራል። አብዛኛው ዋት የሚሄደው እዚያ ነው። ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ከጎኑ ካሉት በልጦ እንዲታይ ይህ ብርሃን እስከ ጣሪያ ይለቀቃል። ብዙ ሰው ገዝቶ ቤት ካስገባው በኋላም እንደዚያው ይተወዋል። ስክሪኑ ላይ Vivid ወይም Dynamic የሚል የምስል ዓይነት ካያችሁ ያ ነው። መጀመሪያ ወደ Standard፣ ወይም ካለው ወደ Eco ቀይሩት።

ቀጥሎ ብርሃኑን ራሱን ዝቅ አድርጉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሜኑ ውስጥ Brightness የሚል ታገኛላችሁ። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ የሚነካው የጥቁሩን መጠን ብቻ ነው። ዝቅ ስታደርጉት የጨለማ ትዕይንቶች ይደፈናሉ፤ ሰው ፊቱ ይጠፋል፤ ፍጆታው ግን ንቅንቅ አይልም። የሚፈለገው Backlight የሚለው ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ደግሞ የጀርባ ብርሃኑ ራሱ Brightness ተብሎ ተጽፏል። እንዴት ትለያላችሁ? ነጭ የበዛበት ምስል ክፈቱ፤ የዜና ስቱዲዮ ይበቃል። ዝቅ አድርጉት። ነጩም ጥቁሩም እኩል ከደበዘዘ የጀርባ ብርሃኑን አግኝታችኋል። ጥቁሩ ብቻ ተደፍኖ ነጩ እንደነበረ ከቀረ ሌላውን ነክታችኋል፤ መልሱት።

ምን ያህል ዝቅ ይደረግ? ማታ ሁልጊዜ በምታዩበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ በምታበሩት መብራት፣ ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ቦታ ሆናችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ፊት ላይ ያለው ዝርዝር መጥፋት ሲጀምር ትንሽ መልሱት። በምሳሌው ቤት ይህ ተደርጎ ብልጭታው ከ33 ወደ 24 ወረደ እንበል። ወደ 34 ዋት ቀነሰ ማለት ነው፤ በወር ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምስሉ የደከመ ይመስላችኋል። ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የድሮውን ብትመልሱት እናንተው ናችሁ ዓይናችሁን የምትሸፍኑት።

አሁን ኢኮ ሞድ ወደሚባለው እንምጣ። ስሙ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ Energy Saving፣ Power Saving፣ Eco Solution ይሉታል። በውስጡ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ የጀርባ ብርሃኑን በቋሚነት ዝቅ ማድረግ ነው፤ አሁን በእጃችን የሠራነውን ማለት ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ቴሌቪዥኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ባለች ትንሽ ዳሳሽ የክፍሉን ብርሃን እያየ ራሱን ያስተካክላል። ቀን ይደምቃል፤ ማታ ይለዝባል። Auto ወይም Ambient Light Detection የሚለውን ስትከፍቱ ይህ ይሠራል።

ሰዎች ግን በሁለተኛው ቀን ያጠፉታል። «ምስሉን አጨለመብኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳሳሿ አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ላይ የወረደ ዳንቴል ይሸፍናታል። ከፊቷ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የፎቶ ፍሬም ይቆማል። አቧራም አለ። የተሸፈነች ዳሳሽ ክፍሉ ጨለማ ነው ብላ ታምናለች፤ በቀትር ምስሉን ታደበዝዘዋለች። ተቃራኒውም አለ፤ ከፊት ለፊቷ የቆመ መብራት በቀጥታ ሲያርፍባት ማታም ቀን ይመስላታል፤ ምንም አትቆጥብም። ለመፈተሽ ዳሳሿን በእጃችሁ ሸፍኑና ትንሽ ጠብቁ። ምስሉ ቀስ ብሎ ከለዘበ፣ ስትለቁትም ከተመለሰ እየሠራች ነው። ምንም ካልተለወጠ ወይ ሞዱ አልበራም፣ ወይ ቀድሞውኑ ተሸፍናለች።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚገኘው ኤንአርዲሲ የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቴሌቪዥኖችን መርምሮ ነበር። በአንዳንድ ትልልቅ ብራንዶች ላይ ተጠቃሚው የምስሉን ዓይነት ሲቀይር የቁጠባ ሥራዎቹ በራሳቸው እንደሚጠፉ፣ ማስጠንቀቂያውም ጥቂት ወይም ጭራሽ እንደሌለ አሳወቀ። የአንዳንዶቹ ፍጆታ እጥፍ ያህል ይሆን ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል፤ ቅደም ተከተሉን ይነግረናልና። መጀመሪያ የምስሉን ዓይነት ምረጡ፤ ኢኮውን ከዚያ በኋላ አብሩ። ልጆች ለኳስ ብለው ወደ Vivid ከቀየሩት ደግሞ ኢኮው እንዳልጠፋ ተመልሳችሁ እዩ።

ስክሪኑን በዚህ እንተወው። ሌሊት ወደሚሠሩት እንመለስ።

ሪሲቨር ላይ የሪሞቱን ቁልፍ ስትጫኑ ፊቱ ላይ ያለው የቻናል ቁጥር ይጠፋና ሰዓት ወይም ቀይ መብራት ይመጣል። በአንዳንዶቹ ውስጡ በእርግጥ ይተኛል፤ አንድ ዋት አካባቢ ይወርዳል። በሌሎቹ ግን የሚጠፋው ፊቱ ብቻ ነው። ውስጡ ይሠራል፤ ዲሹ ላይ ላለችው ኤልኤንቢም ኃይል መላኩን ይቀጥላል። ጠዋት ስትነሱ፣ ማንም ሳይከፍተው፣ እጃችሁን በላዩ ላይ አድርጉ። ለብ ካለ አልተኛም። ቀዝቃዛ ከሆነ እሱን ተዉት፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ስታብላይዘርም እንዲሁ ነው። ውስጡ ትራንስፎርመር አለ፤ ምንም ባይሰካበትም እሱ ይሞቃል፤ እዝዝ የሚለውም እሱ ነው።

ስለዚህ የምመክረው አንድ ማጥፊያ ነው። ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም በስታብላይዘሩ በኩል ካለፉ፣ ስታብላይዘሩ የተሰካበትን ዲቫይደር ማጥፊያ ያለው አድርጉና እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከሶፋው ኋላ ከደበቃችሁት ማንም አያጠፋውም። ማታ አንድ ጊዜ ቀጭ ማድረግ ነው። በምሳሌው ቤት ያ 10.3 ኪሎዋት ሰዓት በዚህ ይቀራል። ከጀርባ ብርሃኑ ጋር ሲደመር የሳሎኑ ፍጆታ ከ30 ወደ 13.5 ገደማ ይወርዳል።

ይህ ለማን አይሆንም? ኦሌድ ቴሌቪዥን ላለው። ኦሌድ የጀርባ ብርሃን የለውም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች። ለረጅም ሰዓት ከታየ በኋላ፣ ሲጠፋ፣ ስታንድባይ ላይ ሆኖ ስክሪኑን የማስተካከል ሥራ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይሠራል። ወዲያው ከሶኬት ከነቀላችሁት ያ ሥራ ይቋረጣል፤ ሁልጊዜ ከተደጋገመ ስክሪኑ ላይ የቻናል አርማ ጥላ ሊቀር ይችላል። የኦሌድ ባለቤት ሪሲቨሩን ለይቶ ያጥፋ፤ ቴሌቪዥኑን ስታንድባይ ላይ ይተወው።

ስማርት ቴሌቪዥን ያላችሁ ደግሞ Quick Start+ ወይም Instant On የሚል ፈልጉ። ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ ውስጡን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ያ ሲበራ ስታንድባዩ ከግማሽ ዋት ተነስቶ 10 ዋትና ከዚያ በላይ የሚደርስባቸው አሉ። አጥፉት። ትርፉ ሲከፈት ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነው።

አሁን ስሊፕ ታይመር። እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሰው ተኝቶ ሳለ ይሠራል። SLEEP የሚል ቁልፍ ሪሞቱ ላይ ካለ እሱን፣ ከሌለ ሜኑ ውስጥ Sleep Timer ፈልጉ። 30፣ 60፣ 90 ደቂቃ እያለ ይሄዳል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ለአንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ በየቀኑ መሙላት ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የሚረሳ ሰው Off Timer የሚለውን ይሙላ፤ እሱ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ያጠፋል።

«እኔ ግን በራሱ የሚጠፋ አለኝ» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ሪሞት ካልተነካ ከአራት ሰዓት በኋላ ይጠፋሉ። ግን አስቡት። ማታ አራት ሰዓት ላይ ድምፅ ቀንሳችሁ እንቅልፍ ወሰዳችሁ። ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። እነዚያ አራት ሰዓታት በምሳሌው ቤት 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ናቸው፤ ቀይዋ መብራት ከወር በላይ የምትወስደውን ያህል በአንድ ሌሊት።

የቴሌቪዥኑ ታይመር አንድ ጉድለት አለው፤ ሪሲቨሩን አያጠፋም። ስለዚህ ሪሲቨራችሁ የራሱ ታይመር ካለው፣ እዚያ ላይ ሙሉት። ሪሲቨሩ ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ምልክት ያጣል፤ ብዙዎቹም ምልክት ሲያጡ ከደቂቃዎች በኋላ ራሳቸው ይጠፋሉ። በአንድ ታይመር ሁለቱ ይተኛሉ። አንድ ማታ ሞክሩትና ቴሌቪዥኑ በእርግጥ መጥፋቱን እዩ፤ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ የሚያድር አለ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ልጨምር።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ሌሊት መዝሙር ካልሰማሁ አልተኛም። ታይመሩ ያቋርጥብኛል» አሉኝ። እማማ፣ መዝሙሩ አይቋረጥብዎት። ቴሌቪዥንዎ ሜኑ ውስጥ Screen Off ወይም Picture Off የሚል ካለ እሱን ይምረጡ። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ድምፁ ይቀጥላል። የጀርባ ብርሃኑ ስለጠፋ አብዛኛው ፍጆታ አብሮ ይጠፋል። ምስሉን ለመመለስ ከሪሞቱ አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃል። የክፍሉ ጨለማም ለእንቅልፍዎ ይሻላል። ይህ ከሌለው በትንሽ ስፒከር ከስልክ መስማት በጣም ያንሳል።

አንድ ወጣት ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ በራሱ እንደሚበራ ነገረኝ። ቀን ሰው ሳይኖር መብራት ከመጣ ማታ እስኪገባ ድረስ ሲሠራ ይውላል ማለት ነው። ርካሽ በሆኑ ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሜኑ ውስጥ Power On Mode የሚል አለ። Memory ወይም Last State ላይ ከሆነ መብራት ሲሄድ በነበረበት ሁኔታ ይመለሳል። Standby ላይ አድርጉት፤ ሪሞት እስኪነካ ድረስ ይተኛል። ይህ ምርጫ የሌለው ከሆነ መፍትሔው ያው ዲቫይደሩ ነው። መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን ቀጭ አድርጉ፤ ሲመጣም ወዲያው አታብሩት፤ አምፖሉ መወዛወዙን እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።